ስድስት ሚሊዮን ተኩል ብር፣ አምስት ፕሮጀክት፦ የትኛው ይቅደም?

ይህ ጽሑፍ አንድ ዓይነት ስብሰባ ላይ ለሚቀመጡ ሰዎች ነው። ጠረጴዛው ላይ አራት አምስት የፕሮጀክት ሐሳብ ቀርቧል፣ አብዛኛው ያዋጣል፣ ገንዘቡ ግን ለሁሉም አይበቃም። በእንዲህ ያለ ስብሰባ ሁለት መንገድ ሲደጋገም ይታያል። አንዱ ትልቁን ትርፍ ያመጣል የተባለውን ፕሮጀክት መርጦ ሌላውን መተው ነው። ሌላው ማንም እንዳይከፋው ለሁሉም ትንሽ ትንሽ መመደብ ነው። ሁለተኛው ከፊተኛው ይብሳል፤ ግማሽ ወፍጮ ግማሽ ዱቄት አይፈጭም። የሒሳብ ሰዎች ሁኔታውን ካፒታል ራሽኒንግ ይሉታል፤ እዚህ የካፒታል ድልድል እያልን እንቀጥላለን። ዋናው መሣሪያ የትርፋማነት ኢንዴክስ ነው። መሣሪያው ቀላል ነው፣ የሚሳሳትበት ቦታም አለው፤ ሁለቱንም በአንድ ምሳሌ ላይ እንሥራ።

ምሳሌው ኩታበር ላይ ነው። ከደሴ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በዚህች ደጋ ወረዳ የሚሠራ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እናስብ። አባላቱ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ያመርታሉ፤ ላምና በግ ያረባሉ፤ ገበያቸው ደሴ ነው፣ አለፍ ሲልም ኮምቦልቻ። ማኅበሩም ሆነ ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተዘጋጁ ናቸው። እናንተ በቁጥሮቹ ቦታ በእጃችሁ ያለውን ፕሮፎርማና የራሳችሁን የሽያጭ መዝገብ ተኩ።

መጀመሪያ ጣሪያውን ለዩ

ከስሌት በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ገንዘቡ የተወሰነው በማን ነው? ቦርዱ ራሱ «ዘንድሮ ከዚህ በላይ አናወጣም» ብሎ ከሆነ ጣሪያው ከውስጥ የመጣ ነው፣ ጥሩ ምክንያት ሲገኝ ይነሣል። ባንኩ «ልንሰጣችሁ የምንችለው ይህን ብቻ ነው» ካለ ግን ጣሪያው ከውጭ የመጣ ነው፣ በልመና አይነሣም።

የውጭው ጣሪያ ምን እንደሚመስል የአገራችን ተበዳሪ በቅርቡ አይቷል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 ከመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ፤ ገደቡ በኋላ ወደ 18 ከመቶ ከፍ ተደረገ። ከዚያም በፊት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 ከመቶ የሚያህል ገንዘብ በብሔራዊ ባንክ ሰነድ ላይ እንዲያውሉ ይገደዱ ነበር፤ ያ ግዴታ የተነሣው በ2012 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዓመታት አዋጭ ፕሮጀክት ይዞ ባንክ የሄደ ሰው «ፕሮጀክትህ አያዋጣም» ሳይሆን «የምናበድረው የለም» ሊባል ይችል ነበር። የመማሪያ መጽሐፍ የሚለው «የሚያዋጣውን ሁሉ ሥሩ» የሚሠራው ገንዘብ እንደ ልብ በሚገኝበት ነው። ጣሪያ ሲኖር ጥያቄው «ያዋጣል ወይ?» ከመሆን ያልፍና «ከያዝነው ከእያንዳንዱ ብር ምን ያህል እናገኛለን?» ይሆናል።

የእኛ ማኅበር ከተጠራቀመ ትርፉና ከአባላት ዕጣ 6.5 ሚሊዮን ብር ይዟል እንበል።

የየፕሮጀክቱን ጥሬ ገንዘብ በሐቅ ጻፉ

ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ ስጡት። ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ሁለት ነገር ብቻ ያስፈልጋል፦ ዛሬ የሚወጣው ገንዘብ፣ ከዚያም በየዓመቱ የሚገባው የተጣራ ጥሬ ገንዘብ።

ዛሬ በሚወጣው ውስጥ የመሣሪያው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣው፣ ተከላው፣ የመብራት ማስገቢያው፣ እንዲሁም ሥራው እስኪንቀሳቀስ ድረስ በእጅ መያዝ ያለበት መንቀሳቀሻ ገንዘብ ይግባ። አምና ለአዋጭነት ጥናት የተከፈለው አይግባ፤ ፕሮጀክቱ ቢሠራም ባይሠራም የማይመለስ ገንዘብ ነው። የማኅበሩ የራሱ ቤት ለፕሮጀክቱ የሚውል ከሆነ «በነፃ ነው» አትበሉ፤ ቤቱ ሲከራይ ያስገኝ የነበረው ኪራይ ይቀነስ። ከዓመታዊው ገቢ ላይ ደግሞ የእርጅና ቅናሽ አይቀነስም። የመሣሪያው ዋጋ መጀመሪያ ላይ በሙሉ ስለተጻፈ፣ እርጅናን መቀነስ አንዱን ወጪ ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል። ግብር የምትከፍሉ ከሆነ የሚከፈለው ግብር ይቀነሳል።

የወተት መሰብሰቢያና ማቀዝቀዣ ጣቢያውን እንደ ናሙና እንሥራ። በቀን 900 ሊትር ይሰበስባል፤ በመግዣና በመሸጫ መካከል በሊትር 9 ብር ይቀራል፤ ለደመወዝ፣ ለመብራት፣ ለጄኔሬተር ነዳጅና ለጥበቃ በዓመት 787 ሺህ ብር ይወጣል። እዚህ ላይ የፕሮጀክቱ አቅራቢ በ365 ቀን አባዝቶ ይዞ ከመጣ ወረቀቱን መልሱለት። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ። በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ሙስሊም ነዋሪ ስላለ የወተት ገበያው በጾም ወራት ጨርሶ አይቆምም፤ መቀነሱ ግን አይቀርም። በዚያ ላይ መብራት ጠፍቶ ወተት የሚበላሽበት ቀን፣ በበጋ መኖ አጥሮ ላም የምትነጥፍበት ወር አለ። ይህን ሁሉ አስበን ዓመቱን የ270 ሙሉ ቀን ያህል ብንቆጥረው 243 ሺህ ሊትር ይሆናል፣ በ9 ብር 2 ሚሊዮን 187 ሺህ ብር። ወጪው ሲቀነስ 1.4 ሚሊዮን ብር በዓመት ይቀራል። በ365 ቀን ቢሰላ ኖሮ 2.17 ሚሊዮን ገደማ ይወጣ ነበር። ይህ ልዩነት ፕሮጀክቱን ከዝርዝሩ አራተኛ ቦታ ወደ መጀመሪያ ያወጣዋል፤ ኋላ ላይ ታዩታላችሁ።

የነገውን ብር ወደ ዛሬ አምጡ

ከአምስት ዓመት በኋላ የሚገባ ብር ከዛሬ ብር ያንሳል። ምን ያህል እንደሚያንስ የሚወስነው የቅናሽ ምጣኔው ነው፤ ይኸውም ገንዘቡን ሌላ ተመሳሳይ ሥራ ላይ ብታውሉት ታገኙት የነበረው፣ ወይም ተበድራችሁ ከሆነ የምትከፍሉት መቶኛ ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የፖሊሲ ወለድ ምጣኔውን 15 ከመቶ አድርጎ ጀምሯል፤ ከዚያ በላይ የገጠር ንግድ ስጋት ይጨመራል። እዚህ 20 ከመቶ እንያዝ። የዋጋ ንረትን በተመለከተ አንድ ሕግ ጠብቁ። ምጣኔው ንረቱን ከጨመረ ገቢውም ንረቱን ይጨምር፤ ምጣኔው ንረቱን ካስወጣ ገቢውም ያስወጣ። አንዱን አስገብቶ ሌላውን መተው ጥሩውን ፕሮጀክት ይገድላል ወይም መጥፎውን ያሳልፋል።

በ20 ከመቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ የሚገባ አንድ ብር ዛሬ 0.8333 ብር ነው፤ በሁለተኛው 0.6944፣ በሦስተኛው 0.5787፣ በአራተኛው 0.4823፣ በአምስተኛው 0.4019። ድምሩ 2.9906 ነው። ገቢው በየዓመቱ እኩል ከሆነ በዚህ አንድ ቁጥር ማባዛት ይበቃል፦ ወተቱ 1.4 ሚሊዮን ሲባዛ በ2.9906፣ 4 ሚሊዮን 187 ሺህ ብር ያህል።

በኤክሴል የምትሠሩ ከሆነ ዛሬ የሚወጣውን በ`B3`፣ የአምስቱን ዓመት ገቢ ከ`C3` እስከ `G3` ጻፉና እንዲህ በሉ፦

```
=NPV(20%,C3:G3)
=NPV(20%,C3:G3)-B3
=NPV(20%,C3:G3)/B3
```

የመጀመሪያው የአሁን ዋጋን፣ ሁለተኛው የተጣራ የአሁን ዋጋን፣ ሦስተኛው ኢንዴክሱን ይሰጣል። `B3`ን ቅንፉ ውስጥ አታስገቡት። ኤክሴል በቅንፉ ውስጥ መጀመሪያ ያለውን ቁጥር የአንደኛ ዓመት መጨረሻ አድርጎ ስለሚወስደው ወጪውንም ገቢውንም ሁሉ አንድ ዓመት ያዘገየዋል፤ የተጣራ የአሁን ዋጋውም ይሳሳታል።

ኢንዴክሱን አውጡና በቅደም ተከተል አስቀምጡ

የትርፋማነት ኢንዴክስ ማለት የሚገባው ገንዘብ የአሁን ዋጋ ለዛሬው ወጪ ሲካፈል ነው። ወተቱ 4,187 ሲካፈል ለ3,200፣ 1.31። እያንዳንዱ ዛሬ የሚወጣ ብር በዛሬ ዋጋ 1 ብር ከ31 ሳንቲም ይመልሳል ማለት ነው። አንዳንዱ መጽሐፍ የተጣራውን ብቻ ለወጪው ያካፍልና 0.31 ይላል፤ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፣ ሁለቱን ግን በአንድ ሠንጠረዥ አታቀላቅሉ።

የአምስቱ ፕሮጀክቶች ውጤት በሺህ ብር እነሆ። የጭነት መኪናው ያገለገለ ሲሆን በዓመት 2 ሚሊዮን ያስገባል፣ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻም በ1.5 ሚሊዮን ይሸጣል ተብሏል።

| ፕሮጀክት | ዛሬ የሚወጣ | የገቢው የአሁን ዋጋ | የተጣራ | ኢንዴክስ |
|---|---|---|---|---|
| የድንች ዘር ማከማቻ | 1,200 | 1,735 | 535 | 1.45 |
| የኤሌክትሪክ ወፍጮ | 2,000 | 2,751 | 751 | 1.38 |
| የጭነት መኪና | 5,000 | 6,584 | 1,584 | 1.32 |
| የወተት ጣቢያ | 3,200 | 4,187 | 987 | 1.31 |
| በግ ማድለቢያ | 1,600 | 1,495 | −105 | 0.93 |

በግ ማድለቢያው ከ1 በታች ስለሆነ ገንዘብ ቢተርፍም አይሠራ። ደቡብ ወሎ ውስጥ በግ አያዋጣም ማለቴ አይደለም፤ በእነዚህ ቁጥሮች፣ በ20 ከመቶ፣ ይህ ማድለቢያ ያወጣውን አይመልስም። ወተቱ በ365 ቀን ተሰልቶ ቢሆን ኢንዴክሱ 2.03 ሆኖ ከሁሉ በላይ ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ ሠንጠረዡን ስታዩ መጀመሪያ የምትጠራጠሩት ከሌሎቹ በጣም ርቆ የወጣውን ነው። ርቆ የወጣ ኢንዴክስ ሁልጊዜ ስሕተት ባይሆንም ከኋላው የተረሳ ወጪ ወይም የተጋነነ የሥራ ቀን ስለማይጠፋ ነው።

አሁን 6.5 ሚሊዮኑን ከላይ ወደ ታች መድቡ። የድንች ዘር ማከማቻው 1.2 ወሰደ፣ ወፍጮው 2.0 ወሰደ፤ 3.3 ቀረ። መኪናው 5 ሚሊዮን ስለሚፈልግ አይገባም፣ ዝለሉት። የወተት ጣቢያው 3.2 ስለሆነ ይገባል። በጠቅላላ 6.4 ሚሊዮን ወጥቶ የተጣራው 2 ሚሊዮን 273 ሺህ ብር ይሆናል።

«ትልቁን ትርፍ እንምረጥ» ያለው ወገን ቢሰማ ኖሮ መኪናው ቀድሞ 5 ሚሊዮኑን ይወስድ ነበር፤ ከቀረው 1.5 ሚሊዮን ላይ የሚገባው ማከማቻው ብቻ ነው። ድምሩ 2 ሚሊዮን 119 ሺህ። ልዩነቱ 154 ሺህ ብር ነው። መኪናው ብቻውን ሲታይ ከሁሉ የበለጠ ትርፍ ቢኖረውም ለሌሎቹ የሚሆነውን ቦታ ይይዛል፤ ኢንዴክሱ የሚያሳየው ይህን ነው።

ጣሪያው ትንሽ ዝቅ ቢልስ?

ብዙ መመሪያ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ይበልጥ አስፈላጊ ሆኖ አገኘዋለሁ፣ ምክንያቱም ኢንዴክሱ የሚያሳስተው እዚህ ነው።

ጠቅላላ ጉባኤው ለትርፍ ክፍፍል 300 ሺህ ብር ጨምሮ ወሰነና 6.2 ሚሊዮን ብቻ ቀረ እንበል። እንደገና ከላይ ወደ ታች እንመድብ። ማከማቻው ገባ፣ ወፍጮው ገባ፣ 3 ሚሊዮን ቀረ። መኪናው 5 ሚሊዮን ነው፣ ወተቱ 3.2 ሚሊዮን ነው፤ ሁለቱም አይገቡም። ስለዚህ 3 ሚሊዮን ብር ባንክ ይተኛል፣ የተጣራው 1 ሚሊዮን 286 ሺህ ብቻ ይሆናል። ጣሪያው በ300 ሺህ ዝቅ ስላለ ትርፉ በአንድ ሚሊዮን ያህል ወረደ! ይህን ስታዩ ጥፋቱ ከገንዘቡ ሳይሆን ከዘዴው መሆኑን እወቁ። ኢንዴክስ በትክክል የሚሠራው ፕሮጀክቶች ሲቆራረጡ፣ ወይም ከበጀቱ አንጻር በጣም ትንንሽ ሲሆኑ ነው። መኪናና ማቀዝቀዣ ግን አይቆራረጡም።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን ትቶ ጥምሮቹን መቁጠር ነው። ፕሮጀክቶቹ አራት ከሆኑ ጥምሮቹ አሥራ አምስት ብቻ ናቸው፤ አንድ ገጽ ላይ ያልቃሉ። ከጣሪያው በላይ የሚወጡትን ሰርዙ፣ የቀሩትን የተጣራ ዋጋ ደምሩ፣ ትልቁን ውሰዱ። በ6.2 ሚሊዮን ጣሪያ ወፍጮና ወተት 5.2 ሚሊዮን ወስደው 1,738 ሺህ ይሰጣሉ። ማከማቻና ወተት 1,522 ሺህ ይሰጣሉ። መኪናና ማከማቻ ልክ 6.2 ሚሊዮን ወስደው 2,119 ሺህ ይሰጣሉ። በ6.5 ሚሊዮን የተሸነፈው መኪና በ6.2 ሚሊዮን አሸነፈ። ፕሮጀክቶቹ ከአሥር ካለፉ በእጅ መቁጠር ይከብዳል፤ የኤክሴሉ `Solver` ይሠራዋል።

ከዚህ ቆጠራ ሌላ ጠቃሚ ነገር ይገኛል። ጣሪያው ከ6.2 ወደ 6.4 ከፍ ቢል የፊተኛው ምርጫ ይመለስና የተጣራው ከ2,119 ወደ 2,273 ሺህ ያድጋል። ተጨማሪው 200 ሺህ ብር ራሱን መልሶ በዛሬ ዋጋ 154 ሺህ ብር ያስገኛል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ወደ ጉባኤው ተመለሱ። ጣሪያው ከውስጥ የመጣ ከሆነ «ከትርፍ ክፍፍሉ 200 ሺህ ብንተው ይህን እናገኛለን» ማለት ትችላላችሁ፣ ወይም አባላት ተጨማሪ ዕጣ እንዲገዙ መጠየቅ ይቻላል። ከውጭ የመጣም ቢሆን ለአጭር ጊዜ ብድር እስከ ስንት ወለድ መክፈል እንደሚያዋጣ ትለያላችሁ።

አንዱ ሌላውን ሲያስቀር

እስካሁን ወፍጮውን አንድ አማራጭ ብቻ አድርገን ወሰድነው። አሁን የናፍጣ ወፍጮም ፕሮፎርማ አለ እንበል፦ 1.3 ሚሊዮን ያስወጣል፣ ነዳጁ ገቢውን ስለሚበላው በዓመት 620 ሺህ ብቻ ያስገባል። የአሁን ዋጋው 1,854፣ የተጣራው 554፣ ኢንዴክሱ 1.43 ይሆናል። በኢንዴክስ ከኤሌክትሪኩ ይበልጣል፣ በተጣራ ትርፍ ግን በ197 ሺህ ያንሳል። በአንድ መንደር ሁለት ወፍጮ ስለማይተከል አንዱን መምረጥ ግድ ነው።

እንዲህ ሲሆን «ኢንዴክሱ የበለጠው ይመረጥ» አትበሉ። ለኤሌክትሪኩ የሚጨመረው 700 ሺህ ብር ለብቻው ምን እንደሚያስገኝ ጠይቁ፦ 197 ሺህ የተጣራ፣ ማለትም የጭማሪው ኢንዴክስ 1.28። ከዚያ ያ 700 ሺህ ሌላ ቦታ ምን ይሠራል ብላችሁ ጠይቁ። በ6.5 ሚሊዮን ጣሪያ ሌላ የሚገባበት የለም፣ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ይሻላል። በ6.2 ሚሊዮን ግን ነገሩ ይለወጣል። ማከማቻ፣ ናፍጣ ወፍጮና ወተት አንድ ላይ 5.7 ሚሊዮን ወስደው 2,076 ሺህ ይሰጣሉ። መኪናና ማከማቻ 2,119 ሺህ ሰጥተው ነበር። የ43 ሺህ ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡ የሚችለውን ያህል ተናግሯል፤ በአምስት ዓመት ግምት ላይ 43 ሺህ ብር ልዩነት ልዩነት አይደለም። ከዚህ በኋላ የሚወስነው የትኛው ግምት ቀላል ሆኖ ይሰበራል የሚለው ነው። የመኪናውን ትርፍ ፍቱት፦ ከ1,584 ሺህ ውስጥ 603 ሺህ ያህሉ የሚመጣው በአምስተኛው ዓመት በ1.5 ሚሊዮን ይሸጣል ከሚለው ተስፋ ነው። በአንድ ሚሊዮን ብቻ ቢሸጥ 200 ሺህ ያህል ይወርዳል፣ የመኪናው ጥምርም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይሄዳል። በሌላ በኩል የናፍጣው ወፍጮ በነዳጅ ዋጋ ይፈተናል። እኔ ብሆን ሦስቱን እመርጣለሁ፤ ገቢው ከሦስት የተለያየ ምንጭ ስለሚመጣና 500 ሺህ ብር በእጅ ስለሚቀር። አንድ መኪና አንድ ሾፌርና አንድ ሞተር ነው፣ ጋራዥ ከገባ የማኅበሩ ገቢ አብሮት ይቆማል። ሌላ ሰው መኪናውን ቢመርጥ ግን ስሌቱን ጥሷል ልለው አልችልም።

አንድ ጥንቃቄ ይጨመር። መኪናው ወተቱን ወደ ደሴ የሚያመላልስ ከሆነ ሁለቱ አይነጣጠሉም፤ አብረው ሲሠሩ የሚያስገኙት ከየብቻቸው ድምር ይለያል። ያን ጊዜ «መኪና ብቻ»፣ «ወተት ብቻ» እና «ሁለቱም» ብላችሁ እንደ ሦስት የተለያዩ ፕሮጀክቶች ጻፏቸው።

ዋጋው ሲንቀሳቀስ

በ6.4 ሚሊዮን የገባው ጥምር ጣሪያውን እስከ ጫፍ የሚነካ ከሆነ አትተኙ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር አልፏል። ማቀዝቀዣውም፣ ሞተሩም፣ መለዋወጫውም ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ የፕሮፎርማው ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። የማቀዝቀዣ ጣቢያው ዋጋ በ10 ከመቶ ቢጨምር 3.52 ሚሊዮን ይሆናል፣ ጥምሩ ከ6.5 ሚሊዮን ያልፋል፣ የመረጣችሁት ዝርዝርም ይፈርሳል። ስለዚህ ስሌቱን ሁለት ጊዜ ሥሩ፦ አንዴ በፕሮፎርማው ዋጋ፣ አንዴ ከውጭ የሚገባውን ዕቃ በ15 ከመቶ አስወድዳችሁ። በሁለቱም የሚመረጥ ፕሮጀክት ቀድሞ ይገዛ። በአንዱ ብቻ የሚመረጠው አዲስ ፕሮፎርማ እስኪመጣ ይጠብቅ።

የጣሪያውን ጫና የሚያቃልል ሌላ መንገድ የካፒታል ዕቃ ኪራይ ነው፤ በክልላችን ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ይህን ሥራ ይሠራል። ቅድመ ክፍያ ብቻ ከፍላችሁ ዕቃውን ስትወስዱ ዛሬ የሚወጣው ገንዘብ ይቀንሳል፣ ኢንዴክሱም በድንገት ይዘላል። አትደሰቱ። የየወሩ ክፍያ ከዓመታዊው ገቢ ላይ መቀነስ አለበት፣ የሚቀጥለውን ዓመት በጀትም ይበላል። ኢንዴክሱ የሚያየው የዛሬን ጣሪያ ብቻ ነው፤ ሁለት ዓመት ተከታታይ ጣሪያ ካለ፣ ወይም የግንባታ ክፍያ ከሰኔ 30 ተሻግሮ ወደ አዲሱ የበጀት ዓመት የሚገባ ከሆነ፣ ለየዓመቱ የሚወጣውን ለየብቻ ጻፉና ሁለቱንም ጣሪያ የማይጥሰውን ጥምር ፈልጉ። ሎሪና ሳቬጅ የተባሉ ሁለት የቺካጎ ምሁራን ይህን ችግር በ1955 እ.ኤ.አ. አንሥተውት ነበር፤ ዋይንጋርትነር በ1963 በሒሳባዊ ፕሮግራም ፈታው። ለአንድ የወረዳ ማኅበር ግን ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

ገቢ የሌለው ፕሮጀክት

ይህን መመሪያ የወረዳ ወይም የከተማ ባለሙያ ካነበበው አንድ ነገር ይጠይቃል፦ የምንጭ ማጎልበት ወይም የጤና ኬላ በየት ይሰለፋል? ክልሉ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ይሰጣል፤ ከደመወዝና ከሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው የካፒታል በጀት አነስተኛ ስለሆነ ጣሪያው የዘወትር ነው። ደሴና ኮምቦልቻም በዓለም ባንክ በተደገፈው የከተሞች ልማት ፕሮግራም የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ሲያዘጋጁ ይኸው ጥያቄ ገጥሟቸዋል፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በኩታበር ካለፈ በኋላ የሚጠገነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲሰለፍም እንዲሁ።

ለምንጭ ውኃ የሐሰት ገቢ ፈጥሮ ኢንዴክስ ማውጣት ይቅር። ያው ሐሳብ በሌላ መለኪያ ይሠራል፦ በተመደበው ብር ስንት ሰው ንጹሕ ውኃ ያገኛል? ወደ ምንጩ የሚኬደው መንገድ በስንት ይቀንሳል? ውኃ ከውኃ፣ መንገድ ከመንገድ ይወዳደር፤ በውኃና በመንገድ መካከል ያለውን ምርጫ ምክር ቤቱ በግልጽ ይወስን። ገቢ ያለው የገበያ ሼድ ወይም የቄራ ፕሮጀክት ከነዚህ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ከገባ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ከውኃው ስለሚበልጥ ሳይሆን መለኪያው ለእሱ የተሠራ ስለሆነ።

ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ አስፍሩ

የተመረጠውን ጥምር ብቻ ሳይሆን የቅናሽ ምጣኔውን፣ የየፕሮጀክቱን ዓመታዊ ገቢ ግምትና የወደቁትን ፕሮጀክቶች ከነምክንያታቸው ጻፉ። ከወተቱ ጎን «በቀን 900 ሊትር፣ 270 ቀን፣ በሊትር 9 ብር» ተብሎ ይስፈር። ገንዘብ ያዡ በየወሩ መጨረሻ የተሰበሰበውን ሊትር ከዚህ ጎን ይጻፍ። በጾም ወራት ከግምቱ መውረዱ የታወቀ ስለሆነ አያስደነግጥም፤ ከፋሲካ በኋላም ባሉት ሦስት ወራት በቀን ከ750 ሊትር ካልዘለለ ግን የሊትሩን ግምት አስተካክላችሁ ስሌቱን ድገሙ። በ750 ሊትር የጣቢያው ዓመታዊ ገቢ ወደ 1 ሚሊዮን 36 ሺህ ብር ይወርዳል፣ ኢንዴክሱም 0.97 ይሆናል። ያኔ ቦርዱ የሚነጋገረው ጣቢያውን ስለማስፋት ሳይሆን በሊትር የሚቀረውን 9 ብር ወይም የወተት አቅራቢውን አባል ቁጥር ስለማሳደግ ነው።